መስኮቱ ለምን ከፍ አለ? ለሬንደር ባለሙያ የጻፍኋቸው ሁለት ደብዳቤዎች

የመመረቂያ ፕሮጀክቴን የኮምፒውተር ሞዴል ፎቶ በሚመስል ሥዕል እንድታወጣልኝ በግሏ ለምትሠራ አንዲት የሬንደር ባለሙያ ሁለት ደብዳቤዎች ጽፌላታለሁ። የመጀመሪያው ጥቂት መስመሮች ብቻ ስለነበሩት አሥር ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም። ሁለተኛው አራት ገጽ ሲሆን ሁለት ሙሉ ቀን ወስዶብኛል። በሁለቱ መካከል ያባከንሁት ጊዜና በቅድመ ግምገማው ዕለት የደረሰብኝ ኀፍረት ገና ሥዕል ለማሠራት ላሰባችሁ የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች ይጠቅም እንደሆነ ብዬ፣ ታሪኩን ከነደብዳቤዎቹ እነሆ።

ፕሮጀክቴ አነስተኛ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነው። ቦታው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚወርድ ቁልቁለት ሲሆን መንገዱ ከላይ በኩል ያልፋል፤ ከታች ደግሞ 200 ሜትር ያህል ርቆ አንድ የዛፍ ረድፍ ይታያል። የንባብ አዳራሹ 24 ሜትር ርዝመት፣ 9 ሜትር ስፋትና 3.3 ሜትር ከፍታ አለው። ወለሉ ከመንገዱ 2.4 ሜትር ዝቅ ብሎ ስለሚገኝ የምዕራቡ ግድግዳ አፈር ደግፎ የሚይዝ ድፍን ግድግዳ ነው፤ የመጻሕፍቱ መደርደሪያም በእርሱ ላይ ነው። መግቢያው በደቡብ ጫፍ ሲሆን ከመንገዱ በ16 ደረጃዎች ተወርዶ ይደረስበታል። በምሥራቁ ግድግዳ ላይ 18 ሜትር የሚረዝም አንድ መስኮት አለ፤ የታች ጠርዙ ከወለሉ 75 ሴንቲ ሜትር፣ የላይ ጠርዙ 1.5 ሜትር ላይ ነው።

የፕሮጀክቱ ሐሳብ ያለው እዚህ መስኮት ላይ ነው። ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይን ከወለሉ 1.2 ሜትር ገደማ ከፍ ስለሚል፣ አንባቢው ከመጽሐፉ ቀና ሲል የዛፎቹን ጫፍና ከበላያቸው ያለውን ሰማይ ያያል። የቆመ ሰው ዓይን ግን 1.6 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ከመስኮቱ የላይ ጠርዝ ይበልጣል፤ አሻግሮ ማየት የሚችለው ወደ ታች ብቻ፣ የቁልቁለቱን ሣርና የዛፎቹን ግንድ ነው። ወደ አዳራሹ የገባ ሰው አድማሱን ማየት ከፈለገ መቀመጥ አለበት ማለት ነው። ይህን ሁሉ አማካሪዬ ያውቃሉ፤ እኔም ሌሊት ከእንቅልፌ ብቀሰቀስ እናገረዋለሁ። ለባለሙያዋ ግን አንዲት ቃል አልነገርኋትም።

የመጀመሪያው ደብዳቤ ይህ ነበር፦

«ጤና ይስጥልኝ። የሥነ ሕንፃ ተመራቂ ተማሪ ነኝ። የቤተ መጻሕፍት ፕሮጀክቴን ሞዴል ከዚህ ጋር ልኬልዎታለሁ። ስምንት ሬንደሮች እፈልጋለሁ፤ አራቱ ከውጭ፣ አራቱ ከውስጥ። ሞቅ ያለ የጠዋት ብርሃን ቢኖራቸው ደስ ይለኛል። ማቴሪያሉ ኮንክሪትና እንጨት ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቅድመ ግምገማ ስላለብኝ ከዚያ በፊት ቢደርሱልኝ።»

ሥዕሎቹ ከግምገማው ሁለት ቀን በፊት ደረሱኝ። እጅግ ያምሩ ነበር። ኮንክሪቱ የእንጨት ፎርሙ አሻራ ሳይቀር ይታይበታል፤ ወለሉ ላይ ወርቃማ ብርሃን ተኝቷል፤ አዳራሹ ረጅምና ግርማ ያለው ሆኗል። ውበታቸው ዓይኔን ስለያዘው ከፕላኔና ሕንፃውን ቆርጦ ከሚያሳየው ከሴክሽኔ ጎን አስቀምጬ ሳላመሳክር ወደ ማተሚያ ቤት ወሰድኋቸው። የመጀመሪያው ስሕተቴ ደብዳቤው ከሆነ ሁለተኛው ይህ ነው፤ የመጣላችሁን ሥዕል ከማድነቃችሁ በፊት ከሴክሽናችሁ ጎን አድርጋችሁ በማስመሪያ ለኩት።

በግምገማው ዕለት አንዱ ገምጋሚ ሴክሽኑንና ሥዕሉን እያፈራረቁ ተመለከቱና «ይህ መስኮት ከዚያኛው ጋር አንድ ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። አንድ አልነበረም። በሥዕሉ ላይ የመስኮቱ የላይ ጠርዝ ከቆሙት ሰዎች ራስ በላይ፣ ወደ 2.4 ሜትር ከፍ ብሏል። ሌላዋ ገምጋሚ ቀጥለው «የጠዋት ፀሐይ ከደቡብ በር ነው የምትገባው?» አሉ። እውነትም ያ ወርቃማ ጨረር የሚገባው ከመግቢያው የመስታወት በር ሲሆን በምሥራቁ መስኮት በኩል አንድ ጨረር እንኳ አልገባም። ሦስተኛው ጥያቄ አዳራሹ በሥዕሉ ላይ ከ24 ሜትር እጥፍ የሚረዝመው ለምን እንደሆነ ነበር። መስኮቱ ዝቅ ማለቱን ለማስረዳት ባዘጋጀሁት ንግግር መካከል፣ ከኋላዬ ከፍ ያለ መስኮት ያለበት ትልቅ ሥዕል ተሰቅሎ እያስተባበለኝ ነበር።

በዚያው ምሽት ተናድጄ ለባለሙያዋ ደወልሁ። መልሷ ንዴቴን አበረደው። «የመስኮቱ የላይ ጠርዝ ከሰው ዓይን በታች ሆኖ ሳገኘው ሞዴሉ ላይ ተሳስቶ የወረደ መሰለኝ፤ ጊዜዎን ላለማባከን ብዬ አስተካከልሁት» አለችኝ። ብዙ የተማሪ ሞዴሎች በስሕተት ተሞልተው ስለሚደርሷት እንዲህ ያለውን ማረም የሥራዋ አካል ሆኗል። እኔም በቦታዋ ብሆን አደርገው ነበር። ከተለመደው የወጣ ነገር ካላችሁ፣ ሆን ተብሎ የተደረገ መሆኑን በጽሑፍ እስካልገለጻችሁ ድረስ ለሌላ ሰው ስሕተት መስሎ መታየቱ አይቀርም።

የፀሐይዋም ነገር የእኔው ጥፋት ሆኖ ተገኘ። ሞዴሉን የሠራሁት በስኬችአፕ ሲሆን ፕሮግራሙ ካልተነገረው በስተቀር ከባለቀለም የአቅጣጫ መስመሮቹ አረንጓዴውን ሰሜን አድርጎ ይወስዳል። እኔ ደግሞ ፕላኑ ወረቀቱ ላይ እንዲያምርልኝ የመስኮቱን ግድግዳ ወደ ገጹ ራስ፣ ማለትም ወደ አረንጓዴው መስመር አዙሬው ነበር። ስለዚህ ፕሮግራሙ የእኔን ምሥራቅ ሰሜን አደረገው፤ የጠዋት ፀሐይ ሲባልም ከእኔ ደቡብ አወጣት። ባለሙያዋ ጠዋት ብዬ ስላዘዝኋት ጠዋትን ሰጠችኝ። የአዳራሹ ርዝመት የመጣው ደግሞ ከሌንሱ ነው፤ ብዙ ነገር በአንድ ሥዕል እንዲገባልኝ አስባ በ18 ሚሊ ሜትር ሌንስ ወደ ርዝመቱ አንስታዋለች። እንዲህ ያለ ሰፊ ሌንስ ቅርብ ያለውን ያገዝፋል፣ ሩቅ ያለውን ያሳንሳል፤ የአዳራሹም መጨረሻ ከቦታው የሸሸ ይመስላል።

በማግሥቱ አማካሪዬ ዘንድ ቀርቤ ሌሎች አምስት ሥዕሎች ልጨምር እንደሆነ ጠየቅኋቸው። እርሳቸው ግን ባዶ ወረቀት ሰጡኝና «ለእያንዳንዱ ሥዕል አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍ፤ ሥዕሉ ያንን እውነት መሆኑን ማሳየት አለበት፤ ዓረፍተ ነገር ያላገኘህለትን ተወው» አሉኝ። ከስምንቱ ለአምስቱ ምንም የምጽፈው አጣሁ። የደረጃው ሥዕል ደረጃ መኖሩን፣ ከላይ የታየው ሥዕል ጣራ መኖሩን ከማሳየት በቀር የሚሉት ነገር አልነበራቸውም። የቀሩኝ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ነበሩ፤ ሁለተኛውም ደብዳቤ የተጻፈው በእነርሱ ዙሪያ ነው። በዚያው ቀን ሥዕሎቹን በውጭ ባለሙያ ማሠራት የትምህርት ክፍሉ ይፈቅድ እንደሆነና በወረቀቱ ላይ የሠራችው ባለሙያ ስም እንዴት መጠቀስ እንዳለበት አማካሪዬን በጽሑፍ ጠይቄ መልሱን በጽሑፍ ተቀበልሁ። ይህን ቀድሞ ያላደረገ ሰው የመመረቂያ ሥራውን በሚከላከልበት ዕለት ከሥዕሎቹ ይልቅ ስለ ሥዕሎቹ ባለቤትነት ሲከራከር ሊውል ይችላል።

ሁለተኛው ደብዳቤ እንዲህ ይጀምራል፦

«ይድረስ ለተከበሩ ባለሙያ፦ ባለፈው የላክሁልዎ ደብዳቤ ሊያውቁት የሚገባዎትን ነገር ስላልያዘ ይቅርታ እጠይቃለሁ። አሁን የምልከው ሞዴል የመጨረሻው ነው፤ ከዛሬ በኋላ ራሴ አልነካውም። ከምንም በፊት እንዲያውቁልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። የምሥራቁ መስኮት የላይ ጠርዝ ከወለሉ 1.5 ሜትር ላይ የሆነው ሆን ተብሎ ነው። የቆመ ሰው በእርሱ በኩል አድማሱን እንዳያይ፣ የተቀመጠ ሰው ግን እንዲያይ ታስቦ ተሠርቷል። መስኮቱ፣ የምዕራቡ ድፍን ግድግዳና የወለሉ ከፍታ በምንም ምክንያት አይለወጡም። ሌላ ስሕተት የሚመስል ነገር ቢያገኙ እባክዎ ሳያርሙ ይጠይቁኝ፤ በዕለቱ እመልሳለሁ።»

ይህን ከሁሉ ያስቀደምሁት ደብዳቤ የሚያነብ ባለሙያ የመጀመሪያውን ገጽ በጥሞና፣ የቀረውን ግን ሥራ ላይ ሆኖ እየመዘዘ ስለሚያነብ ነው። የማይነካው ነገር ሦስተኛ ገጽ ላይ ቢቀመጥ የሚነበበው ከተነካ በኋላ ነው።

ቀጥሎ እይታዎቹ ይመጣሉ። ሁለተኛው እይታ የፕሮጀክቱ ልብ ስለሆነ እንዳለ እጠቅሰዋለሁ፦

«እይታ 2፤ የንባብ አዳራሹ ከውስጥ። ይህ ሥዕል ማሳየት ያለበት፦ የተቀመጠ አንባቢ የዛፎቹን ጫፍና ሰማዩን ያያል። ካሜራው ከመስኮቱ 6 ሜትር ርቆ፣ ከወለሉ 1.2 ሜትር ከፍ ብሎ፣ በመስኮቱ ርዝመት እኩሌታ ላይ ይቆማል፤ የሚመለከተውም በቀጥታ ወደ ምሥራቅ ነው። ወደ ላይም ወደ ታችም አያዘነብልም፤ የግድግዳው ቋሚ መስመሮች በሥዕሉ ላይ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ሌንሱ 24 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህም በአግድም 74 ዲግሪ ያህል ነው። የሥዕሉ ስፋት የቁመቱ እጥፍ ይሁን። ካሜራው በሞዴሉ ውስጥ `VIEW_02` ተብሎ ተቀምጧል። ከመስኮቱ አጠገብ ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ያንብቡ፤ አንድ ሰው ከግራ በኩል ቆሞ ይለፍ። የቆመው ሰው ዓይን ከመስኮቱ የላይ ጠርዝ በላይ መሆኑ ግልጽ ሆኖ ይታይ።»

እነዚህን ቁጥሮች ያገኘኋቸው በግምት አልነበረም። የሌንስ ቁጥር የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ 36 ሚሊ ሜትር ስፋት ላለው ሙሉ ፍሬም ነው። ስለዚህ ከካሜራው ፊት ምን ያህል ስፋት እንደሚታይ ለማወቅ ርቀቱን በ36 አባዝቶ ለሌንሱ ቁጥር ማካፈል ይበቃል። 6 ሜትር በ36 ተባዝቶ ለ24 ሲካፈል 9 ሜትር ይሆናል፤ በሥዕሉ ውስጥ የሚታየው የመስኮት ርዝመትም ይኸው ነው። ቁመቱ የስፋቱ ግማሽ ስለሆነ 4.5 ሜትር ይታያል፤ ከዓይን በላይ 2.25 ሜትር ማለት ነው፤ ይህ በ1.2 ላይ ሲደመር 3.45 ይሆናል። ጣራው 3.3 ሜትር ላይ ስለሆነ ግድግዳውና ጣራው የሚገናኙበት መስመር ለጥቂት ሥዕሉ ውስጥ ይገባል። ይህን ሒሳብ በወረቀት ላይ ሠርታችሁ ካሜራውን ሞዴሉ ውስጥ ብታስቀምጡ ከባለሙያው ጋር ብዙ መመላለስ ይቀርላችኋል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ፤ አንዳንድ ፕሮግራሞች የእይታ ማዕዘኑን በአግድም ሌሎቹ በቁም ስለሚለኩ፣ ዲግሪ ስትጽፉ የትኛው እንደሆነ አብራችሁ ጻፉ። የእኔው 74 ዲግሪ በቁም ቢወሰድ ኖሮ እንደገና ያ የተለጠጠ አዳራሽ ይመጣብኝ ነበር።

ብርሃኑን በተመለከተ «ሞቅ ያለ ጠዋት» የሚለውን ተውሁት። ሞቅ ያለ ብርሃን ለእኔ አንድ ነገር፣ ለእርሷ ሌላ ነገር ነው። ይልቁንም እንዲህ ስል ጻፍሁ፦

«በእይታ 2 ፀሐይዋ በቀጥታ ከምሥራቅ፣ ከአድማስ በላይ 30 ዲግሪ ላይ ትሁን። በዚህ ማዕዘን በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ጠረጴዛ ባልጋረደው ወለል ላይ ከግድግዳው 1.3 ሜትር ርቆ ይጀምርና 2.6 ሜትር ላይ ያበቃል፤ ከመስኮቱ ሥር ያሉት ጠረጴዛዎች ላይም ይወድቃል። የብርሃኑ ንጣፍ ከዚህ ከራቀ ወይም ካጠረ አንድ ነገር ተሳስቷል ማለት ስለሆነ ይንገሩኝ። በሞዴሉ ውስጥ፣ ከሕንፃው ውጭ በተስተካከለ ቦታ ላይ፣ 1 ሜትር ከፍታ ያለው ዘንግ አቁሜአለሁ። ከሥሩም ወደ ምዕራብ 1.73 ሜትር የሚረዝም ቀይ መስመር አለ። ፀሐይዋ በትክክል ከተቀመጠች የዘንጉ ጥላ በመስመሩ ላይ ተኝቶ ጫፉ ከመስመሩ ጫፍ ጋር ይገጥማል።»

ከደብዳቤው ሁሉ የምኮራበት ይህች ዘንግ ናት። ሰሜን መዞሩን፣ የፀሐይዋ ከፍታ መሳሳቱንና ሞዴሉ በሜትር ፋንታ በሚሊ ሜትር መከፈቱን በአንድ እይታ ታጋልጣለች። ጥላው ወደ ሌላ አቅጣጫ ከወደቀ ሰሜኑ ተሳስቷል፤ በመስመሩ ላይ ወድቆ ካጠረ ወይም ከረዘመ የፀሐይዋ ከፍታ ነው፤ ዘንጉ ራሱ 1 ሜትር ካልለካ ደግሞ መለኪያው ነው። ሥራዋ እንዳለቀ ትሰረዛለች። ቀድሜ ብተክላት ኖሮ ቅድመ ግምገማው ሌላ መልክ ይይዝ ነበር።

የቀሩትን ሁለት እይታዎች በአጭሩ እነግራችኋለሁ። እይታ 1 ከመንገዱ የሚታየው ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ «ሕንፃው ከመንገዱ የሚያልፈውን ሰው እይታ አይዘጋም» ይላል። ጣራው ከነውፍረቱ 3.6 ሜትር ሲሆን ወለሉ 2.4 ሜትር ስለወረደ ከመንገዱ በላይ የሚወጣው 1.2 ሜትር ብቻ ነው፤ በ1.6 ሜትር ከፍታ የቆመ ካሜራ በጣራው ላይ አሻግሮ የዛፎቹን ጫፍ ያያል። ሌንሱ 35 ሲሆን ርቀቱ 28 ሜትር ነው፤ ሌንሱ ወደ 36 ስለሚጠጋ የሚታየው ስፋት ከርቀቱ ጋር እኩል ሊሆን ምንም አይቀረውም፤ የ24 ሜትሩ ሕንፃ ከነግራና ቀኙ ይገባል። እዚህ ላይ ልወድቅበት የነበረ ጉድጓድ ነበር። በመጀመሪያው ደብዳቤ ሁሉም ሥዕል ጠዋት እንዲሆን ጠይቄ ነበር፤ ይህ እይታ ግን ወደ ምሥራቅ ስለሚመለከት ጠዋት ከሆነ ፀሐይዋ ካሜራው ፊት ትቆማለች፤ ሕንፃውም ጥላ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ለዚህ ሥዕል ደመና የሸፈነው ሰማይ ጠየቅሁ። ሦስቱ ሥዕሎች የአንድ ሰዓት ብርሃን እንዲኖራቸው የሚያስገድድ ምንም ነገር የለም፤ ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር የሚስማማውን ብርሃን መምረጥ ይሻላል።

እይታ 3 ሴክሽን ፐርስፔክቲቭ ነው፤ አዳራሹ በመካከሉ ተቆርጦ ወደ ሰሜን ሲታይ። የቆመና የተቀመጠ ሰው ጎን ለጎን ይታዩበታል። ከዓይናቸው ወደ ዛፎቹ የሚሄዱትን የእይታ መስመሮች ግን የምሠራቸው እኔው ስለሆንሁ ከባለሙያዋ የጠየቅሁት መስመር የሌለበት ንጹሕ ሥዕልና የተቆረጠው ግድግዳ ብቻ በነጭ፣ ሌላው በጥቁር የሚታይበት ሁለተኛ ፋይል ነው። በዚያ ፋይል የተቆረጠውን ክፍል ለይቼ ከሌሎቹ ሥዕሎቼ ጋር በሚስማማ ቀለም ሞላሁት። ይህን ቀድማችሁ ካልጠየቃችሁ ኋላ ላይ የግድግዳውን ጠርዝ በእጅ ስትከተሉ ማደራችሁ ነው።

ማቴሪያሉንም «ኮንክሪትና እንጨት» ብዬ አልተውሁትም። የፎርሙ ሳንቃ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት እንዳለውና በአግድም እንደሚሄድ፣ የወለሉ እንጨት ደግሞ ከመስኮቱ ጋር ትይዩ እንደሚነጠፍ ጻፍሁ። አቅጣጫውን መናገር ይገባል፤ ሳንቃው በቁም ቢሄድ ያን ዝቅ ያለ አዳራሽ ከፍ ያለ ያስመስለዋል፤ እኔ ደግሞ ዝቅታውን ነበር የምፈልገው። ከዚህ የዘለለ ዝርዝር አልሰጠሁም። የእጀታውንና የመጽሐፉን ጀርባ ቀለም ለእርሷ ተውሁት፤ ሁሉን ካዘዙት ባለሙያ ዓይኑን ይዞ አይመጣም።

ለኅትመት የሚሆነው መጠን ቀላል ሒሳብ ነው። እይታ 2 በወረቀቱ ላይ 50 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይይዛል። በአንድ ኢንች 200 ነጥብ ለማተም 50 ሴንቲ ሜትሩ ለ2.54 ተካፍሎ በ200 ሲባዛ 3,937 ስለሚመጣ 4,000 በ2,000 ፒክስል ጠየቅሁ። በመጀመሪያው ዙር «ከፍተኛ ጥራት» ብቻ ብዬ ስለነበር ከስምንቱ ሥዕሎች የተወሰኑት ሲታተሙ ደብዝዘው ነበር።

የደብዳቤው መጨረሻ ስለ አሠራሩ ነበር፦

«ሥራውን በሦስት ደረጃ ብንከፍለው እመርጣለሁ። መጀመሪያ ሦስቱም እይታዎች ማቴሪያል ሳይለብሱ፣ ነጭ ሆነው፣ ፀሐይዋ ግን በቦታዋ ኖራ፣ በ1,000 ፒክስል ስፋት ይላኩልኝ። ካሜራውንና ጥላውን አይቼ በጽሑፍ ካጸደቅሁ በኋላ ማቴሪያሉ ይልበስ። ማቴሪያሉ ላይ ሁለት የእርማት ዙር ይኑረኝ፤ እርማቶቼን በአንድ ጊዜ፣ በሥዕሉ ላይ ቁጥር እየሰጠሁ እልካለሁ። የመጨረሻዎቹ ፋይሎች ከኅትመቱ አምስት ቀን በፊት ቢደርሱኝ የሙከራ ኅትመት አደርጋለሁ። ካጸደቅሁት ካሜራ ለውጥ ብጠይቅ ግን እንደ አዲስ ሥራ ይቆጠር።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር በራሴ ላይ የጣልኋት ገደብ ናት፤ ባለሙያዋ ከሁሉ በላይ የወደደችው እርሷን እንደሆነ ኋላ ነግራኛለች። ብዙ ደንበኞቿ ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ካሜራውን «ትንሽ ወደ ግራ» ይላሉ። ትንሽ ወደ ግራ ማለት ደግሞ ለእርሷ ሥዕሉን ከመጀመሪያው ማስላት ነው።

ደብዳቤውን ከመላኬ በፊት ሞዴሉን አጸዳሁት። የማይታዩትን ክፍሎች፣ ከየቦታው ያወረድኋቸውን ከባድ ወንበሮችና ዛፎች አውጥቼ በስፍራቸው ቀላል ቅርጾች ተካሁ፤ ሰሜኑንም ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ አዞርሁ። አንድ ግድግዳ ሁለት ጊዜ ተደራርቦ የተሣለበት ቦታ አግኝቼ አንዱን ሰረዝሁ፤ እንዲህ ያለው ነገር ሬንደር ሲደረግ ገጹ የሚያብለጨልጭና የተቆራረጠ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። ከዚያ ሞዴሉን ከእኔ ሌላ በሆነ ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ ሦስቱ ካሜራዎች ወደ ቦታቸው እንደሚወስዱኝ አረጋገጥሁ። ይህን የመጨረሻውን እርምጃ አትዝለሉት፤ የማቴሪያል ፋይሎች ከእናንተ ኮምፒውተር ውጭ እንደማይገኙ የምታውቁት እዚያ ላይ ነው።

ነጮቹ ሥዕሎች በአራተኛው ቀን ደረሱ። ዘንጉ ጥላውን በቀዩ መስመር ላይ በትክክል ጥሏል። የብርሃኑ ንጣፍ ወለሉ ላይ ካሰብሁት ቦታ ተኝቷል። እይታ 1ም እንዳሰብሁት ነበር። ከእይታ 2 ጋር ግን አንዲት ማስታወሻ አብራ መጣች፦

«ስሕተት የሚመስል ነገር ሳገኝ እንድጠይቅዎ ጽፈው ነበር። በጠረጴዛዎቹ ላይ ያስቀመጧቸው መብራቶች 45 ሴንቲ ሜትር ቁመት አላቸው፤ ጠረጴዛው 75 ነው። የመብራቱ ጫፍ ልክ 1.2 ሜትር ላይ ስለሚውል፣ በካሜራዎ ዓይን ትይዩ የመብራቱ ቆብ የዛፎቹን ረድፍ በየሦስት ሜትሩ ይሸፍነዋል። ይህም ሆን ተብሎ ነው?»

ሆን ተብሎ አልነበረም። መብራቶቹን ከዝግጁ ቅርጾች መካከል አንስቼ በችኮላ ያስቀመጥኋቸው ናቸው። ለተቀመጠ ሰው አድማሱን የሚሰጥ መስኮት ሠርቼ፣ በዚያው በተቀመጠው ሰው ዓይን ፊት መብራት አቁሜበት ኖሯል። ስድስት ወር ሴክሽኑን ስሠራ አላየሁትም፤ አማካሪዬም ገምጋሚዎቹም አላዩትም። ያየችው የካሜራውን ከፍታ ብቻ ሳይሆን ካሜራው እዚያ የቆመበትን ምክንያት የነገርኋት ሰው ናት።

ሞዴሉን አልነካም ያልሁትን ቃሌን አጥፌ መብራቶቹን ወደ 25 ሴንቲ ሜትር አወረድኋቸው፤ ጫፋቸው 1 ሜትር ላይ ሆነና እይታው ተከፈተ። ዝቅ ያለ መብራት የሚያበራው ስፋት ስለሚጠብ ለአንድ ጠረጴዛ አንድ የነበረውን ሁለት አደረግሁት። ፕላኑንና ሴክሽኑንም በዚያው ሌሊት አርሜ የታረመውን ሞዴል ላክሁላት። ካሜራው ባለበት ስለቀረ እንደ አዲስ ሥራ አልቆጠረችብኝም።